ሰንጠረዡ ባይነካም እርከንሽን ጠይቂ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምና በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄ ስምንት ወር አንድ የኦዲት ድርጅት ውስጥ በተለማማጅነት ሠራሁ። አሁን የግል ፋብሪካ ውስጥ ለጁኒየር አካውንታንት ተወዳድሬ አለፍኩ። ደመወዙ ሳይጣራ 12,000 ብር ነው። «ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል?» ብዬ ስጠይቅ የሰው ኃይል ኃላፊዋ «ስኬላችን ቋሚ ነው፣ ለማንም አንቀይርም» አሉኝ። መልስ እንድሰጥ ሦስት ቀን አለኝ። አባቴ «እጅሽ የገባውን ሥራ አታበላሺ፣ ፈርሚ» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «20,000 በያቸው፣ እምቢ ካሉ ተያቸው» ትላለች። ስኬል ነው ከተባለ በኋላ መደራደር ይቻላል? — ብ.፣ ከቃሊቲ

መልስ፦ ይቻላል። የምትጠይቂው ነገር ግን መለወጥ አለበት።

ኃላፊዋ የነገሩሽ እውነት ሊሆን ይችላል። በደንብ የተደራጀ ፋብሪካ የደመወዝ ስኬሉን በቦርድ ያጸድቃል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ደግሞ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አብሮ ይገባል። እንዲህ ዓይነቱን ሰንጠረዥ አንዲት የሰው ኃይል ኃላፊ ለአንዲት አዲስ ተቀጣሪ ብላ መለወጥ አትችልም። ስለዚህ «12,000 ያንሰኛል፣ ጨምሩልኝ» ማለት ሥልጣን የሌላቸውን ሰው መጠየቅ ነው። መልሱም ያው የሰማሽው ይሆናል።

ሰንጠረዡ እንዴት እንደተሠራ እንይ። ወደ ታች የሥራ ደረጃዎች ተደርድረዋል፤ ጽዳትና ጥበቃ ከታች፣ ሥራ አስኪያጆች ከላይ። በእያንዳንዱ ደረጃ ፊት ለፊት ደግሞ ከመነሻ ደመወዝ እስከ ጣሪያ የሚሄዱ እርከኖች አሉ። ቋሚ የሚባለው በየሳጥኑ የተጻፈው ቁጥር ነው። አንቺ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደምትገቢ ግን ሰው ነው የሚወስነው፤ የሚወስነውም በዚህ ሳምንት፣ በአንቺ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። ያ ውሳኔ ምደባ ይባላል። ድርድርሽ መግባት ያለበት እዚያ ላይ ነው። «ስኬሉ ይሻሻልልኝ» ስትይ ደንብ ይጣስልኝ ማለትሽ ነው። «ምደባዬ ይታይልኝ» ስትይ ግን ደንቡ በትክክል ይፈጸምልኝ ማለትሽ ነው። ሁለተኛውን ጠይቆ ሥራ ያጣ ሰው አላየሁም።

ከዚያ በፊት ግን ስኬሉ በእርግጥ መኖሩን አረጋግጪ። ሦስት ዓይነት «ቋሚ» አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋሚ በደንብ የተወሰነ ነው፤ አዲስ ገቢ ከመነሻው ይጀምራል፣ ክርክርም የለበትም። ቦርድ ያጸደቀው ወይም ማኅበር የተስማማበት የግል ድርጅት ስኬል ደግሞ ከላይ እንዳልኩሽ ነው፤ ቁጥሩ አይነካም፣ ምደባው ግን ይነካል። ሦስተኛው በአፍ ብቻ ያለ ስኬል ነው። «ለጀማሪ ይህን ነው የምንከፍለው» የሚል ልማድ አለ፤ ከኋላው ወረቀት የለም። የትኛው ውስጥ እንዳለሽ ለማወቅ ማስታወቂያውን እንደገና አንብቢ። «ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ከሚል የመጀመሪያውኑ ሰንጠረዥ ነበራቸው። «ደመወዝ፦ በስምምነት» ብለው አውጥተው አሁን ስኬል ካሉሽ ግን ማስታወቂያውን በትሕትና ማስታወስ መብትሽ ነው።

ከዚያ ኃላፊዋን በስልክ ወይም በአካል አንዲት ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ «እባክዎ፣ የተመደብኩት በየትኛው ደረጃና እርከን ነው?» ስኬል ያለው ድርጅት «ደረጃ 8፣ መነሻ» ብሎ ወዲያው ይመልሳል፤ ወይም ፋይል ከፍቶ ያይልሻል። ጥያቄውን ገፍተው «ያው ለጀማሪዎች እንዲህ ነው» ካሉሽ ሦስተኛው ዓይነት ነው፣ ቁጥሩም የሚነካ ነው። ይህችን ጥያቄ በመጠየቅሽ ማንም አይቀየምሽም። ሂሳብ ሠራተኛ የራሷን ደረጃ ሳታውቅ ብትፈርም ነው የሚገርመው።

ደረጃሽን ከነገሩሽ መጀመሪያ የምታረጋግጪው ማዕረጉን ነው፣ ገንዘቡ ይቆይ። የተወዳደርሽው ለጁኒየር አካውንታንት ነው። የሥራ ቅጥር ደብዳቤው ረቂቅ ላይ «የሂሳብ ክለርክ» ወይም «ረዳት» የሚል ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለሻል ማለት ነው። እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በተንኮል አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ ባዶ ሆኖ በጀት የተያዘለት መደብ ያ ብቻ ስለሆነ ነው። ጉዳቱ ግን ከእርከን ይበልጣል። እርከን የዛሬውን ደመወዝሽን ነው የሚነካው። ደረጃ ደግሞ ጣሪያሽን፣ አበልሽንና ነገ ሌላ ቀጣሪ የሥራ ልምድሽን የሚቆጥርበትን ማዕረግ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ልዩነት ካገኘሽ ማስታወቂያውን ይዘሽ «የተወዳደርኩት ለዚህ መደብ ነው፣ ደብዳቤው በዚሁ ይስተካከልልኝ» በያቸው። ይህ ልመና አይደለም፤ ስህተት ማሳረም ነው።

ማዕረጉ ትክክል ከሆነ ወደ እርከን እንመጣለን። እዚህ ላይ የያዝሽው ነገር ስምንቱ ወር ነው። ቀጣሪዎች ተለማማጅነትን መቁጠር አይወዱም። እንዲቆጥሩት የሚያደርገው ወረቀት ነው። ከኦዲት ድርጅቱ የምታመጪው ደብዳቤ ሥራሽን በስሙ መጥራት አለበት። «ስምንት ወር አብራን ነበረች፣ ትጉህ ናት» የሚል ደብዳቤ ለምደባ አይረዳም። ከመቼ እስከ መቼ በሙሉ ሰዓት እንደሠራሽ፣ ምን እንደሠራሽ፣ ስንት ይከፈልሽ እንደነበር፣ ከክፍያው ላይ የሥራ ግብር ተቆርጦ ከሆነ ያም ይጻፍ። ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተገለጸ ብዙ ቦታ፣ በተለይ መንግሥት ቤት፣ ዋጋ የለውም። ይህን አሁን ባታስጽፊ ከአምስት ዓመት በኋላም ያው ክፍተት ይከተልሻል። የሠራተኛነት ውል ከነበረሽ ደብዳቤውን መከልከል አይችሉም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድደዋል።

አሁን የምትሰሚውን መልስ ልንገርሽ፦ «ከአንድ ዓመት በታች ልምድ አንቆጥርም»። ይህ በብዙ ስኬል ውስጥ የተጻፈ ደንብ ነው፣ በቅንነት ነው የሚነግሩሽ። አትከራከሪው። ከደንቡ ጋር ሂጂ፦ «ስምንት ወር አለኝ። እዚህ አራት ወር ስሠራ አንድ ዓመት ይሞላል። በዚያን ጊዜ አንድ እርከን እንዲታይልኝ በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ይጠቀስልኝ።» እንዲህ ስትይ ሰንጠረዡም ደንቡም ሳይነካ ለኃላፊዋ እሺ የሚሉበት በር ከፈትሽላቸው። ማንም ቦርድ ፊት መቅረብ አያስፈልገውም።

ሰው ሁሉ የሚስተው አንድ ነገር አለ። የሰው ኃይል ክፍል ትልቁ ፍርሃት ያንቺ 1,000 ብር አይደለም። ባለፈው ዓመት በመነሻ የገቡት አራት ልጆች ነገ ጠዋት ቢሮው በር ላይ መቆማቸው ነው። «እሷስ ለምን?» ሲባሉ የሚያሳዩት ወረቀት ይፈልጋሉ። የቤት ኪራይ መወደድ፣ የትራንስፖርት ችግር፣ ቤተሰብ መርዳት እውነት ቢሆኑም እነዚያ አራቱም አላቸው፤ ስለዚህ መከላከያ አይሆኑም። ያንቺ ምክንያት እነሱ የሌላቸው መሆን አለበት፦ የልምድ ደብዳቤው፣ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ በራስሽ እጅ መሥራትሽ፣ የፋብሪካ ዕቃ ቆጠራ ላይ ከኦዲተሮች ጋር መውጣትሽ፣ የባንክ ማስታረቂያ ሳትታገዢ ማዘጋጀትሽ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ የትኛው ሥራ ደጋግመው እንደጠየቁሽ አስታውሺ። ወር መዝጊያ ላይ ሰው አጥሯቸው ከሆነ ከዚያ ጀምሪ።

ገንዘቡን ደግሞ ቁጭ ብለሽ አስይው፣ በባዶው አትደራደሪ። በሐምሌ 2017 ሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው ክፍል 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ለአጭር ስሌት ደመወዙን በ30 በመቶ አባዝተሽ 1,350 ትቀንሻለሽ። በ12,000 ብር ግብርሽ 2,250 ይሆናል። ያንቺ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ነው። እጅሽ የሚገባው 8,910 ብር ነው። የወጪ መጋራት ግዴታ ካለብሽ ከዚህም ላይ ይቀነሳል፤ የመጀመሪያው ወር ላይ እንዳትደነግጪ ቀድመሽ ጠይቂ።

እንበልና የፋብሪካው እርከኖች በአምስት በመቶ የሚያድጉ ናቸው። ከመነሻው ቀጥሎ 12,600፣ ከዚያ 13,230 ይሆናል። ሁለት እርከን ከፍ ቢያደርጉሽ ወረቀቱ ላይ 1,230 ብር ጨመረ። ግብሩ 2,619፣ ጡረታው 926 ብር ከ10 ሳንቲም ይሆንና እጅሽ የሚገባው 9,684 ብር ከ90 ሳንቲም ነው። ጭማሪሽ 775 ብር ገደማ ሆነ ማለት ነው። በዚህ የግብር ደረጃ ከምትጠይቂው ከእያንዳንዱ ብር 63 ሳንቲሙ ብቻ ነው ኪስሽ የሚደርሰው። ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ ግብሩ 35 በመቶ ስለሚሆን ወደ 58 ሳንቲም ይወርዳል።

ይህን ካወቅሽ አበል ለምን ቀላል መንገድ እንደሚሆን ይገባሻል። ለአሠሪው 1,230 ብር መሠረታዊ ደመወዝ 1,230 ብቻ አይደለም፤ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይጨምርበታልና 1,365 ብር ከ30 ሳንቲም ያወጣል። አበል ላይ ግን መዋጮ የለም፣ ስኬሉም አይነካም። የትራንስፖርት አበል ደግሞ በመመሪያው ገደብ ውስጥ እስካለ ድረስ ግብር አይከፈልበትም። 600 ብር ከግብር ነፃ የትራንስፖርት አበል ብታገኚ፣ ያንኑ በደመወዝ ለማግኘት 952 ብር ጭማሪ ያስፈልግሽ ነበር። ፋብሪካው ሰርቪስ አለው? ካለውና በአንቺ ሰፈር የማያልፍ ከሆነ በሰርቪሱ ፋንታ አበል መጠየቅ ፍጹም ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ በደንባቸውም ተጽፏል፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይነግርሽም።

ሌላም አለ። ዋስ አምጪ ብለውሽ ከሆነ ምናልባት ፔቲ ካሽ ልትይዢ ነው። ገንዘብ ለሚይዝ ሠራተኛ ለጉድለት መጠባበቂያ አበል የሚከፍሉ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። «የጥሬ ገንዘብ ኃላፊነት ከሥራዬ ውስጥ አለ ወይ? ካለስ አበሉ እንዴት ነው?» በይ። ዋስ ተጠይቀሽ አበሉ ሳይጠቀስ ከቀረ ኃላፊነቱን ወስደሽ ክፍያውን ትተሽ ገባሽ ማለት ነው።

ነገር ግን በአበል አትታለይ። አንድ ድርጅት «መሠረታዊው 8,000፣ ቀሪው 4,000 አበል ነው» ቢልሽ የዛሬው እጅሽ ሊወፍር ይችላል፤ ጡረታሽ ግን የሚሰላው በ8,000 ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያሽ፣ ሥራ ስትለቂ የሚታሰብልሽ የስንብት ክፍያም እንዲሁ። በአዋጁ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የትራንስፖርት አበል እንደ ደመወዝ አይቆጠሩም። ዓመታዊ ጭማሪና ቦነስም በአብዛኛው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው የሚሰሉት። ፋብሪካ ውስጥ ወር መዝጊያና ዓመት መዝጊያ ላይ ማምሸት አይቀርም፤ በሥራ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በእጥፍ ሲከፈል መነሻው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ለውጥ አለው። መሠረታዊውን አስቀድሚ፤ አበሉ ከዚያ በላይ ይምጣ።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ በትኩረት አንብቢው፤ ከእርከኑ እኩል ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ብዙ ድርጅት ዓመታዊ ጭማሪውን የሚያደርገው ሐምሌ 1 ቀን፣ የበጀት ዓመቱ ሲጀምር ነው። ደንቡ ግን ብዙ ጊዜ «ስድስት ወር ያገለገለ» ወይም «ሙሉ ዓመት የሞላው» የሚል ገደብ አለው። ጥር አጋማሽ ላይ ብትገቢ ሐምሌ ሲመጣ ስድስት ወር አልሞላሽም፤ ዓመት ከአምስት ወር በመነሻው ትቀመጫለሽ። በጥቂት ቀን ልዩነት ሙሉ የአንድ ዓመት ጭማሪ ያመለጠው ሰው አለ። ስለዚህ «የሚቀጥለው ሐምሌ ጭማሪ ውስጥ እካተታለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ቀኑ የሚያስቀርሽ ከሆነ ሥራ የምትጀምሪበትን ቀን ማስቀደም ይቻል እንደሆነ ተወያዪ። አዲስ ሰው በአስቸኳይ የሚፈልግ ክፍል ቶሎ ልግባ ስትይው ደስ ይለዋል። የመጀመሪያ ቀን ስኬል ውስጥ የለም፤ ከማንም ጋር አያጣላሽም።

ለማን ትናገሪያለሽ? ኃላፊዋን አልፈሽ ሥራ አስኪያጅ ጋር አትሂጂ። ኃላፊዋን ብታስቀይሚ ነገ ፈቃድሽንም፣ የሕክምናሽንም ወረቀት የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። እርከን ላይ የመወሰን ሐሳብ ግን በአብዛኛው የሚነሳው ከሚቀጥርሽ ክፍል ነው፤ የፋይናንስ ኃላፊው አጭር ማስታወሻ ይጽፋል፣ የሰው ኃይል ያይና አስተያየት ይሰጥበታል፣ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል። ስለዚህ ኃላፊዋን ራሳቸውን አስፈቅጂ፦ «ማመልከቻዬን ለእርስዎ አስገብቼ ለፋይናንስ ኃላፊው ግልባጭ ባደርግ ይከፋዎታል?» እንዲህ ካልሽ የሚከለክሉ ጥቂቶች ናቸው።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይለፍ። እንዲህ ልትጽፊው ትችያለሽ፦

«ለሰው ኃይል ኃላፊ። በጁኒየር አካውንታንትነት ስለተመረጥኩ አመሰግናለሁ፤ ሥራውንም ለመጀመር ዝግጁ ነኝ። የድርጅቱ ስኬል የጸደቀ መሆኑን ተረድቻለሁ። ከምረቃዬ በኋላ በኦዲት ድርጅት ስምንት ወር በሙሉ ሰዓት ሠርቻለሁ፤ ማስረጃው ተያይዟል። በዚህ ጊዜ የባንክ ማስታረቂያ፣ የንብረት ቆጠራና በፒችትሪ ምዝገባ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስለሆነም ምደባዬ ከመነሻው በላይ ባለው እርከን እንዲታይልኝ፣ የድርጅቱ ደንብ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ የልምድ ዘመኔ አንድ ዓመት ሲሞላ እርከኔ እንዲስተካከል በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ እንዲጠቀስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሁለት ጥያቄ ነው ያለው፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው አለ። «ዝግጁ ነኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ አባትሽን የሚያሳስበውን ነገር ይዘጋል፤ ማንም «እምቢ ብላ ሄደች» አይልም። የደመወዝ ቁጥር አትጻፊበት። 20,000 ብለሽ ብትጽፊ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ማንም አያነበውም፤ በዚህ ጓደኛሽን አትስሚያት። «ሌላ ቦታ የተሻለ ሰጥተውኛል» የሚለውንም ከሌለሽ አትሞክሪው። ደብዳቤውን አሳዪን ሊሉሽ ይችላሉ፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ምንም ሳይሉ «እንግዲያው ወደዚያ ሂጂ» ማለታቸው ነው። ደግሞም በቃሊቲና በአቃቂ ፋብሪካዎች የሰው ኃይል ሠራተኞቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ይደዋወላሉ።

በጣም የምትጠነቀቂበት መልስ «አሁን ግቢ፣ ሙከራውን ስትጨርሺ እናያለን» የሚለው ነው። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ሥራ ብታሰይው ሁለት ወር ከአሥር ቀን ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ያለፈ ሰው ደግሞ የሚሰጠው «ሙከራውን በብቃት ስላጠናቀቀች ቋሚ ሆናለች» የሚል ደብዳቤ ነው፤ በአፍ የተባለው ጭማሪ እዚያ ውስጥ የለም። ቃል የገቡልሽ ኃላፊ ለቀው ቢሄዱ የተካው ሰው ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ እሺ በያቸው፤ ግን «ሙከራው ሲያልቅ እርከኗ ይታያል» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤው ላይ ይግባ። መጻፍ ካልፈለጉ ተስፋው እንደሌለ ቆጥረሽ ወስኚ።

ሦስቱን ቀን እንዲህ ተጠቀሚባቸው። ዛሬ ደረጃና እርከንሽን ጠይቂ፣ ከኦዲት ድርጅቱም ደብዳቤውን አስጽፊ። ነገ ማመልከቻውን አስገቢና ገቢ ያደረገልሽን ሰው ፊርማ በቅጂው ላይ አስቀሪ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሄደሽ መልሱን ስሚ። ደብዳቤው ካልደረሰልሽ ማመልከቻውን ከነጊዜው አስገቢና «ማስረጃው በዚህ ቀን ይደርሳል» በይ፤ ሦስቱን ቀን ግን አታሳልፊ።

ሁሉንም እምቢ ቢሉሽስ? ማዕረጉ ጁኒየር አካውንታንት ከሆነ፣ የሐምሌው ጭማሪ ውስጥ የምትካተቺ ከሆነና በ8,910 ብር ከቤተሰብሽ ጋር ሆነሽ መኖር የምትችይ ከሆነ እኔ ብሆን እፈርማለሁ። ለሂሳብ ሠራተኛ የፋብሪካ ሥራ፣ የምርት ወጪ ስሌቱና የንብረት ሂሳቡ፣ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ልምድ ነው። ማዕረጉን ዝቅ አድርገው እርከኑንም ከከለከሉሽ ግን፣ ሌላ ማመልከቻ ያስገባሽበት ቦታ ካለ መልሱን ጠብቂ፤ ከሌለም ገብተሽ ማዕረጉን ለማስተካከል በስድስት ወር ውስጥ እንደገና ጠይቂ።

ስትፈርሚ ደብዳቤው ላይ የሥራ መደቡ ስም፣ ደረጃና እርከኑ፣ መሠረታዊ ደመወዙ ለብቻው፣ እያንዳንዱ አበል በየስሙ፣ ሥራ የምትጀምሪበት ቀንና የሙከራው ጊዜ መኖራቸውን እያንዳንዱን መስመር እያየሽ አረጋግጪ። «ጠቅላላ ክፍያ 12,000» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከሰጡሽ እንዲዘረዝሩልሽ መልሺላቸው። ቅጂሽን ሳትይዢ ከቢሮው አትውጪ።